ሊጥ ውስጥ ያለ ዱቄት ጎደለ አይባልም፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰኔ 30 ካለፈ ወዲህ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የቆጠራ ጥያቄዎች ናቸው። ጥሬ ዕቃም ያልሆነ፣ ያለቀም ያልሆነ፣ መሀል ላይ ያለ ዕቃ እንዴት ይቆጠር የሚሉ። ሒሳብ ሠራተኞች «በሂደት ላይ ያለ ምርት» የሚሉት ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

«መጋዘን ያለው ዱቄትም በሂደት ላይ ያለ ምርት ይባላል?» (ከለገጣፎ)

አይባልም። ማቡኪያው ውስጥ እስኪገለበጥ ድረስ ጥሬ ዕቃ ነው።

«ዳቦ ፋብሪካ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ኃላፊ ነኝ። ሰኔ 30 ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ተቆጠረ። በወሩ 376 ኩንታል ዱቄት ወጥቶ የ374 ኩንታል ዳቦ ብቻ ነው ያስረከብከው፣ ሁለት ኩንታል ጎድሏል ተባልኩ። ከደሞዝህ ይቆረጣል ብለውኛል። በዚያ ሰዓት ማቡኪያው ሙሉ ነበር፣ ትሪዎቹም ተደርድረው ነበር፣ መጋገሪያውም ሥራ ላይ ነበር። ሊጡ ይቆጠርልኝ ስል ሒሳብ ክፍል ‹ያላለቀ ስለሆነ በግማሽ ነው የምንይዘው› አለኝ። ግማሽ የሚባለው ከየት መጣ?» (ከቡራዩ)

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሳነብ ተናድጃለሁ። ሁለቱ ኩንታል የትም አልሄደም። ሲቆጥሩ ዓይናቸው ሥር ነበር። ከላክልኝ ልኬት ተነስተን እናስላው።

አንድ ዙር ሊጥ 100 ኪሎ ዱቄት፣ 58 ሊትር ውሃ፣ አንድ ኪሎ ተኩል ጨው፣ አንድ ኪሎ እርሾና አንድ ኪሎ ተኩል ዘይት ይገባበታል። ድምሩ 162 ኪሎ ነው። ማሽን ላይ የሚጣበቀውና ሲቦካ የሚቀንሰው ሁለት ኪሎ ያህል ሲወጣ 160 ኪሎ ይቀራል። በ100 ግራም ሲቆረጥ 1,600 ድቡልቡል ይወጣዋል። ስለዚህ እናንተ ቤት 1,600 ድቡልቡል ባለበት ሁሉ አንድ ኩንታል ዱቄት አለ ማለት ነው።

አሁን ወደዚያ ሌሊት እንምጣ። ማቡኪያው ውስጥ አንድ ሙሉ ዙር ነበር፣ ተቦክቶ ያበቃ ግን ገና ያልተቆረጠ። ይህን መመዘን አያስፈልግም። የተገለበጠውን ጆንያ መቁጠር ይበቃል፣ አንድ ኩንታል ነው። ኩፍ እንዲሉ የተደረደሩት 60 ትሪዎች ነበሩ፣ በእያንዳንዱ 20 ድቡልቡል፣ በድምሩ 1,200። መጋገሪያው ውስጥ ደግሞ 20 ትሪ፣ ማለትም 400። ሁለቱ ሲደመሩ 1,600 ይሆናሉ። ሌላ አንድ ኩንታል። ይኸውልህ ጎደለ የተባለው።

መጋገሪያው ውስጥ ያለውን በሚዛን እንቁጠር የሚል ሰው ከመጣ አትስማማ። ዳቦ ሲጋገር ውሃው ይተናል። 100 ግራም ሆኖ የገባው ድቡልቡል ከ87 እስከ 90 ግራም ሆኖ ይወጣል። ክብደቱን ይዘህ ወደ ዱቄት ብትመልሰው የሌለ ጉድለት ትፈጥራለህ። እሱ በፍሬ ነው የሚቆጠረው።

የዱቄቱ ነገር በዚህ ያበቃል። «ግማሽ» የሚለው ደግሞ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ከማደባለቅ የመጣ ነው። ሊጥ ሲቦካ ዱቄቱ፣ ጨውና እርሾው ሁሉም መጀመሪያ ላይ ገብተው አልቀዋል። ከዚያ በኋላ የሚጨመር ዱቄት የለም። ሊጡ በቁሳቁስ በኩል መቶ በመቶ ያለቀ ነው። የሚቀረው ጉልበቱ፣ መብራቱ፣ የማሽኑ እርጅና፣ የቤት ኪራዩ ነው። ያላለቀው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ ለየብቻ ይጠየቃል፦ ቁሳቁሱ ምን ያህል ገብቷል? ሥራውስ ምን ያህል ተሠርቷል? አንድ መቶኛ ለሁለቱ መስጠት ስህተት ነው።

ሒሳብ ክፍሉ እንዲያየው በብር ላስቀምጠው። ዋጋዎቹ ለማሳያ የወሰድኳቸው ናቸው፣ እናንተ የራሳችሁን አስገቡ። የአንድ ዙር ቁሳቁስ 8,000 ብር ይፈጃል እንበል። በ1,600 ሲካፈል ለአንድ ዳቦ 5 ብር ነው። መጋገሪያው ውስጥ፣ ትሪው ላይና ማቡኪያው ውስጥ ያለው በድምሩ 3,200 ፍሬ ስለሆነ ቁሳቁሱ 16,000 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ አንድም ሳንቲም በ«ግማሽ» አይቀነስም።

ለሥራው ወጪ ግን ደረጃ ማውጣት ያስፈልጋል። ደረጃው የሚወጣው ገንዘቡ የት ቦታ እንደሚወጣ በማየት ነው፣ ሰዓት በመቁጠር አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ድቡልቡሉ ኩፍ እስኪል ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆያል፣ ግን በዚያ ጊዜ የሚነካው ሰው የለም፣ የሚፈጀውም መብራት ትንሽ ነው። ረጅም ሰዓት ቆየ ተብሎ ሥራው ተሠራለት አይባልም። የእናንተን ቤት ወጪ እንዲህ እንከፋፍለው፦ ማቡካት 20 በመቶ፣ መቁረጥና ማድቦልቦል 30 በመቶ፣ መጋገር 40 በመቶ፣ ማቀዝቀዝና ማሸግ 10 በመቶ። ከዚያ ማቡኪያው ውስጥ ያለው 20 በመቶ ላይ ነው። ትሪው ላይ ያለው 50 በመቶ ላይ ነው፣ ኩፍ ብሎም እዚያው ነው የሚቆየው። መጋገሪያው ውስጥ ያለው መሀል ላይ ስለሆነ 70 በመቶ ይያዝለት።

እንግዲህ ማቡኪያው ውስጥ ያለው 1,600 በ20 በመቶ 320 ይሆናል። ትሪው ላይ ያለው 1,200 በ50 በመቶ 600፣ መጋገሪያው ውስጥ ያለው 400 በ70 በመቶ 280። ድምሩ 1,200 ነው። ትርጉሙም በእነዚያ 3,200 ያላለቁ ፍሬዎች ላይ የፈሰሰው ጉልበትና መብራት 1,200 ዳቦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለመሥራት ይበቃ ነበር ማለት ነው። በወሩ ያለቀው ዳቦ 374 በ1,600 ሲባዛ 598,400 ነው። 1,200 ሲጨመርበት 599,600። የወሩ የሥራ ወጪ 1,199,200 ብር ቢሆን፣ ለዚህ ሲካፈል ለአንድ ዳቦ 2 ብር ይደርሳል። በሊጡ ላይ ያረፈው የሥራ ወጪ 2,400 ብር ነው።

16,000 እና 2,400 ሲደመሩ 18,400 ብር ይሆናሉ። በሂደት ላይ ያለው ምርት ዋጋ ይሄ ነው። ሒሳብ ክፍሉ እንዳለው ሁሉም በግማሽ ቢያዝ 3,200 ፍሬው እንደ 1,600 ይቆጠርና በ7 ብር 11,200 ይሆናል። 7,200 ብር ይጎድላል፣ አንድ ኩንታል ዱቄትም ከወረቀት ላይ ይጠፋል። ያ አንድ ኩንታል ነው በአንተ ደሞዝ ሊሸፈን የተፈለገው።

ከዚህ በኋላ ለራስህ ማረጋገጫ የሚሆን አንድ ነገር ልንገርህ። ጉድለቱ የቆጠራ ሰዓት ያመጣው ከሆነ በሚቀጥለው ወር ይገለበጣል። የሰኔ 30 ሊጥ ሐምሌ 1 ዳቦ ሆኖ ይወጣል፣ ዱቄቱ ግን በሰኔ ተጽፏል። ስለዚህ የሐምሌ ሒሳብ ያለ ምክንያት የተረፈ ዱቄት ያሳያል፣ ወይም ቢያንስ የሰኔን ያህል ጉድለት አያሳይም። በየወሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚጎድልና እያደር የሚደመር ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ያኔም ሌባ ከመፈለግ በፊት ሚዛን ይፈለግ። መቁረጫው 100 ግራም ይቆርጣል ተብሎ 104 ግራም የሚቆርጥ ከሆነ፣ በ374 ኩንታል ላይ ከ14 ኩንታል በላይ ዱቄት በየዳቦው ተከፋፍሎ በር ላይ ይወጣል። ከየትሪው አሥር አሥር ድቡልቡል በአንድ ላይ መዝን። ከአንድ ኪሎ ካለፈ አገኘኸው።

የደሞዙ ነገር ደግሞ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ካልሆነ፣ ወይም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር ከደሞዝ መቁረጥን ይከለክላል። የሚቆረጥበት ምክንያት ቢኖር እንኳ በአንድ ጊዜ ከወር ደሞዝ ሲሶ አይበልጥም። እዚያ ውስጥ «በጽሑፍ ካልተስማማ» የሚለውን ልብ በል። «ጉድለቱን አምኛለሁ» የሚል ወረቀት ቢሰጡህ አትፈርም። መጀመሪያ ይህን ስሌት በጽሑፍ ለሒሳብ ክፍልና ለሥራ አስኪያጁ አስገባ፣ ቅጂው ላይ አስፈርም። ካልተቀበሉህ የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ በእሱ በኩል፣ ከሌላችሁ በቀጥታ በአካባቢህ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ወደሚያየው የመንግሥት ቢሮ ሂድ። የሥራ ደንባችሁንም የሚያነብልህ ጠበቃ ያስፈልግሃል፣ ምክንያቱም ደንቡ ውስጥ ስለ ጉድለት የተጻፈ ነገር ሊኖር ይችላል። ይህን ለይስሙላ አይደለም የምልህ። ነገ ዛሬ ሳትል ሂድ።

ለወደፊቱ ደግሞ ቆጠራውን ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ማድረጉ ግዴታ አይደለም። ከማቡካት እስከ መጋገር የእናንተ ሥራ ከጥቂት ሰዓት አያልፍም። የመጨረሻው ትሪ ከመጋገሪያ ወጥቶ ቀጣዩ ጆንያ ሳይገለበጥ አንድ ሰዓት ሥራ ቢቆም የሚቆጠር ሊጥ አይኖርም፣ ክርክርም አይኖርም። ማቆም ካልተቻለ የሚያስረክበውና የሚረከበው ፈረቃ አብረው ይቁጠሩ፦ ማቡኪያ ውስጥ ስንት ዙር፣ ትሪ ላይ ስንት፣ መጋገሪያ ውስጥ ስንት። አጠገቡ የቆመ፣ ከመጋዘን የወጣ ግን ያልተገለበጠ ጆንያም ካለ ይጻፍ። ይሄኛው ከሁሉም በላይ ይረሳል። መጋዘኑ «ወጥቷል» ይላል፣ ማቡኪያው «አልገባም» ይላል፣ ኃላፊው ይጠየቃል። ሁለቱም ፈርመው ቅጂ ይያዙ።

«ሰበታ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። አርባ ወንበር አጽማቸው ቆሟል፤ ስፖንጅም ጨርቅም ቫርኒሽም ገና አልገባቸውም። እንደ ዳቦው ቁሳቁሱን መቶ በመቶ ልያዝ?»

አይያዙ። የእርስዎ ዕቃ ቁሳቁሱ በየደረጃው ነው የሚገባው። እንጨቱ፣ ኮላውና ሚስማሩ ለአርባውም ሙሉ በሙሉ ይያዛል። ስፖንጁ፣ ጨርቁና ቫርኒሹ ዜሮ ነው፣ እሱ ገና መጋዘን ውስጥ በጥሬ ዕቃነት ተቆጥሯል። ሁለት ጊዜ እንዳይቆጥሩት። ጉልበቱን ደግሞ ለአናጺውና ለጨርቅ ሠሪው የሚከፍሉትን ለያይተው ያስሉ። አናጺው ሥራውን ጨርሷል፣ ጨርቅ ሠሪው አልጀመረም።

«ገላን ፓስታ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ማድረቂያው ውስጥ ያለውን ፓስታ በኪሎ እንቆጥራለን። ሲደርቅ ሁልጊዜ ያንሳል። ሠራተኛ ይወስዳል ይላሉ።»

ውሃው ነው የሄደው። ፓስታ ከመጭመቂያው ሲወጣ ሠላሳ በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ደርቆ ሲታሸግ ወደ 12.5 በመቶ ይወርዳል። መሀል ላይ ማድረቂያ ውስጥ የመዘናችሁት ኪሎ ፓስታና ውሃ አብሮ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ውሃውን አውጡት። ማድረቂያው ውስጥ 1,000 ኪሎ አለ፣ እርጥበቱ 20 በመቶ ነው እንበል። ደረቁ ነገር 800 ኪሎ ነው። ያ 800 ኪሎ ሲታሸግ 12.5 በመቶ ውሃ ይዞ ስለሚቀር 800ን ለ0.875 ያካፍሉት። 914 ኪሎ ይመጣል። መዝገብ ላይ የሚገባው 914 ነው። 1,000 ብላችሁ ከጻፋችሁ በሚቀጥለው ቀን 86 ኪሎ «ይሰረቃል»።

ማድረቂያው መግቢያና መውጫ ላይ እርጥበቱ አንድ አይደለም። ከሁለት ሦስት ቦታ ናሙና ይውሰዱ። የጥራት ክፍላችሁ የእርጥበት መለኪያ አለው፣ እነሱን ጠይቁ።

«መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩም አልነሳ ብሎ የሦስት ኩንታል ሊጥ ከመጠን በላይ ቦክቶ ተበላሸብኝ። አብዛኛውን ጣልኩት፣ ጥቂቱን ለሚቀጥለው ሊጥ እርሾ አድርጌ አስቀመጥኩ። ወር መጨረሻ ላይ ምን ብዬ ልጻፈው?» (ከሱሉልታ)

የተጣለው በሂደት ላይ ያለ ምርት አይደለም፣ ምክንያቱም ዳቦ አይሆንም። የዕለቱ ወጪ ነው።

ብዙ ዳቦ ቤቶች እንዲህ ያለውን ኪሳራ በወሩ ዳቦ ላይ ያካፍሉትና «የዳቦ ዋጋችን ጨመረ» ይላሉ። ትክክል አይደለም። ማሽን ላይ የሚጣበቀው ሊጥ፣ ጠርዙ የሚያርረው ዳቦ በየቀኑ ያለ ስለሆነ የዳቦው ዋጋ ውስጥ ይገባል። የሦስት ኩንታል መበላሸት ግን የተለመደ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሒሳብ ደረጃ ቁጥር 2 ከተለመደው ውጭ የሆነን ብክነት ከዕቃ ዋጋ አውጡና በተከሰተበት ጊዜ ወጪ አድርጉት ይላል። ካካፈሉት ግን የወሩ መጨረሻ ሊጥና ያልተሸጠ ዳቦም የዚያን ሌሊት ኪሳራ ተሸክሞ ወደ ቀጣዩ ወር ይሻገራል። እርስዎም ጄኔሬተሩ መበላሸቱ ስንት እንዳስወጣዎት በፍጹም አያዩም።

ያስቀመጡትን መዝነው በውስጡ ያለውን ዱቄት ብቻ ይያዙ። ለእያንዳንዱ አንድ ኪሎ ተኩል ሊጥ ከአንድ ኪሎ ትንሽ ያነሰ ዱቄት ነው። የፈሰሰበትን ጉልበት አይጨምሩበት። የተጣለውን ደግሞ በዚያው ቀን፣ ሰዓቱንና ኪሎውን ጽፈው ሁለት ሰው ያስፈርሙበት። ከሳምንት በኋላ በትዝታ የተጻፈ የብክነት ወረቀት ኦዲተር አያምነውም፣ እኔም አላምነውም።

«እስካሁን በየዓመቱ በሂደት ላይ ያለ ምርት ዜሮ ብለን ነው የዘጋነው። ዘንድሮ በትክክል ብንቆጥር ትርፋችን ይጨምራል ወይ?» (ከአቃቂ ቃሊቲ)

ዘንድሮ ብቻ ከቆጠራችሁ አዎ። መነሻው ዜሮ፣ መድረሻው ሙሉ ስለሚሆን ልዩነቱ በሙሉ የዘንድሮ ትርፍ ይመስላል። ዳቦ ቤት ከሆናችሁ ትንሽ ነው። ሳምንታት የሚፈጅ ዕቃ የምትሠሩ ከሆነ ግን ትልቅ ገንዘብ ሊሆን ይችላል፣ ግብሩም እንዲሁ።

አምና የነበረውም ሊቆጠር የሚገባው ነበር። ያ የአምና ስህተት ነው፣ ስህተትነቱም ተጽፎ የአምናው ሒሳብ መስተካከል ይኖርበታል እንጂ ዘንድሮ ላይ ተጭኖ አይታለፍም። እንዴት እንደሚስተካከልና ለግብር ሰብሳቢው እንዴት እንደሚቀርብ እኔ ከዚህ ሆኜ ልወስንላችሁ አልችልም። ሒሳቡን ከመዝጋታችሁ በፊት የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ የምስክር ወረቀት ያለው ባለሙያ ጋ ውሰዱት። የአምናውን የቆጠራ ወረቀት፣ ባይኖር የዚያን ሳምንት የምርት መዝገብ ይዛችሁ ሂዱ። እሱ ከሌለ ባለሙያውም የሚይዘው ነገር የለውም።

«ያልታሸገ ዳቦ ያለቀ ነው ያላለቀ?» (ከፉሪ)

ሳይታሸግ የምትሸጡት ከሆነ ያለቀ ነው። በላስቲክ የምትሸጡት ከሆነ ላስቲኩና የማሸጊያው ጉልበት ይቀረዋል፣ ከእነሱ በቀር ሙሉ በሙሉ ይያዝ።